አራሷ እኔ ነኝ፤ ስጦታው ግን ሁሉ የሕፃኑ ነው

አራስ ልትጠይቁ ለምትመጡ ጓደኞቼ በሙሉ፦ ልጁ ልብስ አለው። በፒያሳ ዙሪያ ያለው የሕፃናት ልብስ ሁሉ ተጠቃሎ እኔ ቤት ገብቷል። አብዛኛው ከ0 እስከ 3 ወር የሚል ስለሆነ ግማሹን ሳይለብሰው ያድጋል። ጫማ ያመጣችም አለች። ጫማ! አንገቱን እንኳ ላላቀና ልጅ።

በሩ ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትሉኛላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ያየኝ የለም። ማንን እንደሚመስል ስትከራከሩ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። እኔ ደግሞ በጎኔ ተጋድሜ «ተነሺና ተቀመጪ እንጂ፣ እናውራ» እየተባልኩ እሰማለሁ። አልቀመጥም! ተሰፍቻለሁ። ነውር ከሆነም ይሁን፣ ካልተናገርኩት የሚገባችሁ አልመሰለኝም። ስወልድ ተቀድጄ ተሰፍቻለሁ፤ ሽንት በሸናሁ ቁጥር ስፌቱ ላይ ሚጥሚጣ እንደነሰነሱበት ያቃጥለኛል።

ይህን የሚያስታግሰው ስጦታ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ። ሦስት የወለደች ጓደኛዬ ናት ይዛው የመጣችው። ክዳኑን በጋለ መርፌ አምስት ስድስት ቦታ በስታ፣ ጠርሙሱን በደንብ አጥባዋለች። «ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ሙዪበትና እየሸናሽ ከፊት ወደ ኋላ አፍስሺው፤ ሽንቱ ስለሚቀጥን አያቃጥልሽም። ስትጨርሺ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርገሽ አድርቂው እንጂ እንዳታሺው» አለችኝ። እውነትም ያን ቀን ሽንት ቤት መሄድ መፍራቴን ተውኩ። አንድ ሳፋም ጨምራልኛለች፤ ለእኔ ብቻ የሚሆን፣ ልብስ የማይታጠብበት። ለብ ያለ ውሃ እየሞላሁ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እቀመጥበታለሁ። ጨው አያስፈልገውም፤ ቅቤም ሆነ ቅጠል ስፌቱ ላይ አይደረግም። ክሩ በራሱ ጊዜ ሟሙቶ ይጠፋል።

ከዚያ ከቦርሳዋ ወፍራም የሌሊት ሞዴስ አወጣች፤ በርከት ያለ ፓኬት። ለልጁ ዳይፐር በካርቶን የተሸከማችሁ ሰዎች ለእኔ አንድ ፓኬት ሞዴስ ይዞ መምጣት አሳፈራችሁ! ከወሊድ በኋላ ደም እየቀነሰ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሞላም ባይሞላም ቢያንስ በየአራት ሰዓቱ መቀየር አለበት። ባለቤቴ ሱቅ ሄዶ ስሙን መጥራት አቅቶት ሶፍት ገዝቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ በእሱ መተማመን አልችልም።

እናንተ የልጁን ኪሎ ስትጠይቁ እሷ ምን እንደጠየቀችኝ ታውቃላችሁ? «ሞዴሱ በስንት ሰዓት ይሞላል?» በአንድ ሰዓት ውስጥ ጢም ብሎ ከሞላ፣ ተቀይሮም በቀጣዩ ሰዓት ከደገመው፣ ወይም የእንቁላል ያህል የረጋ ደም ከወረደ፣ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ፈሳሹ ከሸተተ ወይም የስፌቱ ሕመም በመቀነስ ፈንታ ከባሰም እንዲሁ። ከጠያቂዎቼ ሁሉ ይህን ያነሳች እሷ ብቻ ናት።

ገንፎውን አልጠላሁትም፤ እናቴ እንዳትሰማኝ እንጂ ግን በገንፎና በቅቤ ብቻ ሆድ ይደርቃል። የታዘዘልኝ የብረት ኪኒን ደግሞ ያባብሰዋል። ስፌት ያለባት ሴት ማማጥ ምን እንደሆነ ለወለደች አልነግርም። ስለዚህ ከብርቱካኑ ጋር አንድ ኪሎ ተልባ አምጡልኝ፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ብርቱካኑም ለእኔ ይሁን፤ ኪኒኑን ከእሱ ጋር ስወስደው ብረቱ በደንብ ይገባል። ቡና ግን ያግደዋልና ኪኒን በዋጥኩበት ሰዓት «አንድ ስኒ ብቻ» አትበሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ፦ ውሃ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እናንተው በየቀኑ ታማርራላችሁ፤ አራስ ቤት ሲሆን ግን ከየት የሚቀዳ ይመስላችኋል? ጠርሙሱም ሳፋውም ውሃ ይፈልጋል፤ በደም የተነካ አንሶላም አለ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ባለቤቴ ሥራ ሲውል የማነሳው እኔ ልሆን ነው? ያቺው ጓደኛዬ በባጃጅ ሁለት ጀሪካን ጭና መጥታ ነበር፤ አብራችሁ የነበራችሁት «ምነው፣ ስጦታ የለሽም እንዴ?» ብላችሁ ሳቃችሁባት።

እሑድ እንመጣለን ያላችሁ፣ ልብሱን ገዝታችሁ ከሆነ መልሱት። ሠፈራችሁ ውሃ ካለ ሁለት ሁለት ጀሪካን ያዙ። ቡናውንም ራሳችሁ አፍሉት፤ ስኒውንም አጥባችሁ ሂዱ።