ያልገጠመ ከንፈር

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ቀርጾ ኤዲት ማድረግ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በጥር ወር እንቅልፍ የሚያጡት ሙሽሮችና እኛ ነን። ሙሽሮቹ በሳምንቱ ይተኛሉ። እኛ ግን ያልተጠናቀቀውን ሠርግ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስተኝተን፣ ስልክ በጠራ ቁጥር እየደነገጥን ዓመቱን እንጨርሳለን።

ሥራው በሽታም ያሲዛል። ሰው ሲያናግረኝ ዓይኑን ማየት ትቻለሁ፤ ከንፈሩን ነው የማየው። ጎረቤት ቤት ብቅ ስል «ግባ እንጂ!» የሚለው ድምፅ ቶሎ ይደርሰኛል፤ ፈገግታው ግን አሥር ፍሬም ዘግይቶ ይመጣል። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሄድ አንዷ 40 ሚሊሰከንድ ናት። አሥሯ ተደምራ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አትሞላም፤ ለኔ ግን «ምነው ዛሬ ባልመጣህ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገባባታል።

ባለፈው እሑድ እማማ አስጠሩኝ። እማማ የሰፈራችን እማማ ናቸው፤ ሽምብጥ ውስጥ የእድር ምሳ ያለ እርሳቸው አይወጣም። ሄድኩ። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ቡና ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ ጥግ ላይ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ነገሩ የ22 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ጋሼ ጣና ዳር ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሰው ይበላሉ፤ ብርጭቋቸውን እያነሱ እየጣሉ ያወራሉ፤ በመካከሉ ድምፃቸው እንዲህ ይላል፦ «እስኪ ንገረኝ፣ የእማማን ምሳ በልቶ የማያመው ማን ነው? ማንም!»

ቪዲዮው በቴሌግራም የእድሩን ሰው ሁሉ አዳርሷል። ጋሼ «በማርያም፣ ስለ እርሷ አልተናገርኩም» ይላሉ። እማማ ደግሞ «አፉ ሲናገር እያየሁት!» ይላሉ።

«አንተ ልጄ፣ የዚህ ነገር ሰው አንተ ነህ» አሉኝ እማማ። «ፍረድ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ተከፈተ። ከጎኑ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው፣ በግ የሚያክል የብሉቱዝ ስፒከር ተገትሯል። ገና አንዴ እንደታየ አንድ ጎረቤት ብድግ አለ፦ «አያችሁ! ድምፁ ከአፉ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ቅንብር ነው!» የእማማ እህት ግን አልተበገሩም። «ቱርኮቹስ እንደዚሁ አይደሉ እንዴ?» አሉ። ካና በ2008 ከጀመረ ወዲህ ቤታችን በትርጉም ድራማ ስለሞላ ከንፈርና ድምፅ ተለያይተው ቢኖሩ ማንም እንደ ፍቺ አይቆጥረውም።

ጎረቤቱ ውሸት መሆኑን ያወቀው በትክክል ነው፤ ማስረጃው ግን የተሳሳተ ነበር። ስፒከሩን አጥፍቼ በቴሌቪዥኑ በራሱ ድምፅ ደገምኩት። 12ኛው ሰከንድ ላይ ጋሼ ብርጭቆ ያስቀምጣሉ። በስፒከሩ ሲሆን ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ ነው «ቋ» የሚለው፤ ያለ ስፒከሩ እኩል ገጠመ። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ አየር ላይ ልኮ፣ እዚያ ፈትቶ እስኪያጫውት ከ0.1 እስከ 0.3 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ስፒከር ብናየው የእማማ የራሳቸው ቡራኬም ቅንብር ይመስላል።

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ እንዴት ሳላየው?» አሉ እማማ።

ለዘገየ ድምፅ ጆሯችን ታጋሽ ነው፤ ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ሐይቁ ዳር ልብስ የሚያጥብ ሰው ከሩቅ ያየ ያውቀዋል፤ ልብሱ ድንጋዩን ሲመታ ታያለህ፣ «ጧ» የሚለው ግን ልብሱ እንደገና ወደ ላይ ሲነሳ ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ 170 ሜትር ርቀህ ከቆምክ ግማሽ ሰከንድ ያስጠብቅሃል። ከምቱ ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ ግን እግዜርም አልፈጠረ። ስለዚህ ሲቀድም ቶሎ እንነቃለን። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ለስርጭት ባወጣው መመሪያ እንደተቀመጠው፣ ድምፅ ከምስል 45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም ተመልካች ያውቃል፤ ወደ ኋላ ሲቀር ግን 125 ገደማ እስኪደርስ ያልፈዋል። አንድ ፍሬም ከቀደምክ ሊነቃብህ ነው፤ ሦስት ፍሬም ብትዘገይ ይቅር ትባላለህ። (ለቅሶ ቤትም ሕጉ ይኸው ነው። ዘግይቶ የሚደርስ ለቀስተኛ ሰበብ አያጣም፤ ሬሳው ሳይወጣ ስለ ውርስ የሚጠይቅ ነው የሚታወቀው።)

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ቪዲዮውን VLC የሚባለው ማጫወቻ ላይ ጫንኩት። እዚያ K ስትጫን ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ J ስትጫን ወደፊት ይመጣል፤ E ደግሞ ምስሉን አንድ አንድ ፍሬም ያራምዳል። ሰፈሩ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ተደገፈ።

«አሁን ማንም ጋሼ ምን እንዳሉ አይስማ» አልኩ። «ከንፈራቸው ስንት ጊዜ እንደሚዘጋ ብቻ ቁጠሩ።»

በአማርኛ ከንፈር ሳይገጥም የማይወጣ ፊደል መ ነው። አፍህን ከፍተህ «እማማ» በል እስኪ፤ አይሆንም። በ፣ ፐ እና ጰም እንደዚሁ ያዘጋሉ። ወደ ውሸቱ ዓረፍተ ነገር እንምጣ። «የእማማን» ሁለት ጊዜ ይዘጋል፤ «ምሳ» ሦስተኛ፤ «በልቶ» አራተኛ፤ «የማያመው» ሁለት ጨምሮ ስድስት፤ «ማን» ሰባት፤ «ማንም» ብቻውን ሁለት አለው፣ ዘጠኝ። ዘጠኝ ጊዜ መዘጋት ያለበት የጋሼ ከንፈር ስንት ጊዜ ተዘጋ? ድምፁን አጥፍተን በE እየገፋን አየነው። አንድ! ሌላው ሁሉ ጥርስና የቆሮሶ ሥጋ ነው።

ጎረቤቱ አሁንም አልረካም። «ምናልባት ድምፁ ተንሸራቶ ይሆናል፤ እንደ ስፒከሩ።» ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ዋናው ጥያቄም እሱ ነው። የተንሸራተተ ድምፅ እንደ ጠመመ ምንጣፍ ነው፤ አንዱን ጫፍ ስትስበው ሙሉው ይቃናል። K እየደጋገምኩ የመጀመሪያዋን «ማ» ያቺ አንዷ የተዘጋች ከንፈር ላይ አሳረፍኳት። ያቺ ገጠመች፤ የቀሩት ስምንቱ ግን በተከፈተ አፍ ላይ ወደቁ። ይባስ ብሎ ድምፁ ጋሼ አፋቸውን ከከፈቱ ቆይቶ ጀምሮ፣ አፋቸው ካረፈም በኋላ መናገሩን ቀጠለ። J ብዬ የመጨረሻዋን ባስተካክል የመጀመሪያዎቹ ፈረሱ። የትም ብትስበው የማይቃና ከሆነ፣ ያ ምንጣፍ የሌላ ቤት ምንጣፍ ነው። ደግሞም 12ኛው ሰከንድ ላይ ያለው «ቋ» ቀድሞውኑ ቦታው ላይ ነው፤ ፋይሉ አልተንሸራተተም።

ያቀነባበረው ሰው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ነበር የገጠመው፤ አፍ ሲከፈት ድምፁን አስገብቶ፣ አፍ ሲያርፍ አቁሞታል። ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ስለሆነ ብዙ ሰው ያታልላል። የድራማ ተርጓሚዎች ግን ፊት በቅርብ ሲታይ መ ወይም በ ያለበትን ቃል ፈልገው ከንፈሩ የሚዘጋበት ቦታ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ለዚህ ሲሉ ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጡታል።

እማማን ያሳመናቸው ግን ከንፈሩ አይደለም፤ ብርጭቆው ነው። ድምፁን መልሼ ከፍቼ «አሁን ጋሼን ይተውአቸው፤ ከጀርባ ያለውን ይስሙ» አልኳቸው። መጀመሪያ የዘይቱ ጭስስታ፣ የአሳላፊው ጩኸት፣ የወፎቹ ጫጫታ ይሰማል። ያ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ጣና በሙሉ ጸጥ! ሲያልቅ ዘይቱ እንደገና መጥበስ ይጀምራል። በዚያ ጸጥታ መካከል ጋሼ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ በኃይል ያሳርፋሉ፤ ድምፅ የለውም። እማማ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ብርጭቆውን በጥጥ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጠው?» አሉና፣ ወደ ጋሼ ዞረው «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አሉ። እልልታ ሆነ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ቡናዬን ብጠጣ ኖሮ ጥሩ ነበር።

«ታዲያ በእውነት ያሉት ምንድን ነው?» አለ ጎረቤቱ።

ከንፈር «ይህን አላለም» ለማለት ይበቃል፤ «ይህን ብሏል» ለማለት ግን አይበቃም። መ እና በ ከውጭ አንድ ናቸው፤ ከ እና ገ ጉሮሮ አካባቢ ስለሚሠሩ ጭራሽ አይታዩም። ይህን ብዬ ማቆም ሲገባኝ ሙያዬን ማሳየት አማረኝ። «አንድ ነገር ግን አይቻለሁ» አልኩ። «መጨረሻ ላይ ከንፈራቸው ሊገጥም ደርሶ ሳይነካካ ተመለሰ። ይህ ልል በ ነው። በ ቃል ሲጀምር ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፤ በሁለት አናባቢ መካከል ሲገባ ግን እንደ ‹አበባ› ይለሰልሳል። ስለዚህ ጋሼ የጨረሱት እንዲህ ባለ ቃል ነው።»

«ገበታ!» አለ አንዱ። «ገበያ!» አለች ሌላዋ። «እንደ አበባ ናት ብሎኝ ይሆናል» አሉ እማማ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ጋሼ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ተወው ልጄ፤ ነፃ ከወጣሁ ይበቃኛል» አሉኝ። ዓይናቸው አልወደደኝም። እኔ ትሕትና መሰለኝ፤ «ግዴለም፣ እስከ መጨረሻው እንሂድ» አልኩ።

በዚህ መሐል የጋሼ የእህት ልጅ ከበሩ አካባቢ ሹልክ ሊል ሲል ተያዘ። ድምፃቸውን አስመስሎ የቀዳው እሱ ነው፤ ለሳቅ ብሎ። ዋናው ቪዲዮ ስልኩ ውስጥ አለ። እኔው ራሴ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት፤ ስፒከሩንም በእጄ አራቅሁት፣ ጥርት ብሎ እንዲሰማ።

ዘይቱ ይጠበሳል፤ ወፎቹ ይንጫጫሉ። ጋሼ አጥንት ከአፋቸው አወጡና፦ «ያ ልጅ የሠርጉን ካሴት እስካሁን አልሰጠኝም።» ም ላይ ከንፈራቸው ግጥም አለ። «ከጥር እስከ ጥር!» ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ «ቋ!» «ሌባ!» ባ ላይ ከንፈራቸው ሊነካካ ደርሶ ተመለሰ፣ ልክ እንዳልኩት።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ትቶ የኔን አፍ ማየት ጀመረ። ከፍቼዋለሁ፤ ድምፅ ግን የለውም።

«ይሄስ ገጥሟል» አሉ እማማ።