ድክመትን መደበቅ ዲፌንስ አያሳልፍም

«ሰኞ ደሴ የማስተርስ ዲፌንስ አለኝ። ኤግዛሚነሩ ሲያፋጥጥሽ ድክመትሽን እንዳታምኚ፣ ቶሎ ቶሎ መልሺ ይሉኛል፣ ልክ ናቸው?»

አብሽሪ እህቴ፣ ልክ አይደሉም። ድክመቱን ኤግዛሚነሩ ቀድሞ አንብቦታል፣ ማየት የሚፈልገው አንቺም ታውቂው እንደሆነ እና ውጤትሽን ምን ያህል እንደሚነካው ነው።

ለምሳሌ ሐይቅ አካባቢ ከአንድ ወረዳ 3 ቀበሌ መርጠሽ፣ በነሱ ውስጥ 2,400 አባወራ አለ እንበል። የምትጠይቂያቸውን አባወራዎች ቁጥር በሚያወጣው በያማኔ ፎርሙላ n = N / (1 + N·e²)፣ ስህተቱን 5 ፐርሰንት ስታደርጊ 2,400 ለ7 ተካፍሎ 343 ይመጣል። «ለምን 343?» ሲሉሽ «ፎርሙላው ስለሚል» ካልሽ አለቀ፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ጥያቄ «3ቱን ቀበሌ እንዴት መረጥሽ?» ነው። መንገድ ስለሚቀርባቸው ከሆነ የመረጥሽው 343ቱ ስለነዛ ቀበሌዎች እንጂ ስለ ወረዳው አይናገሩም፣ ይሄን ደብቀሽ ስትከራከሪ ነው ነገሩ የሚበላሸው። «አዎ፣ የመረጥኩት በመንገድ ቅርበት ነው፣ ስለዚህ ድምዳሜዬን በ3ቱ ቀበሌ ወስኛለሁ፣ የራቁት ቀበሌዎች ውጤታቸው ሊለይ ይችላል» በያቸው። ግን ርዕስሽና ማጠቃለያሽ «በወረዳው» የሚል ከሆነ ዛሬውኑ አማካሪሽን አናግሪ፣ አፍሽ ሌላ ወረቀቱ ሌላ እንዳይሆን።

ፍጥነቱንም ተዪው። ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፊው፣ «የጠየቁኝ ስለ አመራረጡ ነው?» ብለሽ አረጋግጪ፣ እስከዛ ትንፋሽሽም ይመለሳል። እስከ ሰኞ ደግሞ ምዕራፍ ሶስት ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር «ለምን ይሄ?» እያልሽ ጓደኛሽ ትጠይቅሽ፣ ጮክ ብለሽ መልሺ።