ከሰረዙ ወዲያ ያለውን ማን አነበበው?

«ካምፓኒስ ሃውስ ላይ Active ይላል፤ መንግሥት አለ ያለውን ኩባንያ እኛ ከዚህ በላይ ምን እናጣራው?»

ይህን ያሉት በለንደን የሚገኘው የመረዳጃ ማኅበራችን ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ የአዳራሹን ጣሪያ ለማደስ በኤፕሪል አጋማሽ ለአንድ ጣሪያ ጠጋኝ ኩባንያ የተከፈለው 8,000 ፓውንድ ቀብድ የት እንደገባ በጠቅላላ ጉባኤው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ነው። ካምፓኒስ ሃውስ የሚባለው የብሪታንያ መንግሥት የኩባንያዎች መዝገብ ቤት ነው።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ለኮሚቴው የቀረበለትን ስክሪንሾት ጠይቄ አየሁት። ምስሉ Active ከሚለው ቃል በኋላ ተቆርጧል። የኩባንያውን ገጽ ከፍቼ የሰነዶቹን ቅደም ተከተል ስመለከት ግን፣ ቀብዱ በተከፈለበት ሳምንት ማንም ሰው በነጻ ሊያየው የሚችለው ጽሑፍ «Active — Active proposal to strike off» የሚል እንደነበረ ተረዳሁ። ከሰረዙ ወዲያ ያለው፣ ኩባንያው ከመዝገብ ሊፋቅ መሆኑን የሚናገረው ክፍል ነው። መንግሥት «አለ» ብሎ አልመሰከረም፤ «ገና አልሰረዝኩትም፣ ልሰርዘው ነው» ብሎ ነበር።

ሒደቱ እንዲህ ነው። ኩባንያው እስከ ዲሴምበር 31 ማስገባት የነበረበትን ዓመታዊ ሒሳብ አላስገባም፤ ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችም መልስ አልሰጠም። ስለዚህ በማርች መጀመሪያ፣ በሰነዶቹ ዝርዝር ውስጥ GAZ1 ተብሎ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ማስታወቂያ የመንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ በሆነው ዘ ጋዜት ላይ ወጣ። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ወር ይጠበቃል፤ ተቃዋሚ ካልቀረበ ኩባንያው ይሰረዛል፣ ገጹም Dissolved ይላል። ማኅበራችን የከፈለው በእነዚህ ሁለት ወራት መካከል ነው። ክፍያውን ከፈጸመም በኋላ እንደ ገንዘብ ጠያቂ ማስረጃውን አያይዞ ስረዛውን መቃወምና ማስቆም ይችል ነበር። በሜይ መጨረሻ የተጻፈው የኮሚቴው የቅሬታ ደብዳቤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ኩባንያው ሲፈርስ በስሙ የቀረው ንብረት ለዘውዱ ይተላለፋል፣ እኛም ልንከሰው ብንፈልግ በስድስት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄደን መጀመሪያ ወደ መዝገብ እንዲመለስ ማስወሰን አለብን።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ስረዛው አይደለም። Filing history የሚለውን ክፍል ከፍቶ አንድ መስመር ወረድ ያለ ሰው፣ ኩባንያው የቀደመውን ዓመት ሒሳብ «Accounts for a dormant company» ብሎ ማስገባቱን ያያል። መዝገቡ እንቅስቃሴ የሌለውን ኩባንያ ለብቻው የሚያሳይ መለያ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የተኛውም Active ነው የሚባለው። መተኛቱ የሚታወቀው ሒሳቡ ሲከፈት ነው፤ የዚህኛው ሀብትና ዕዳ መግለጫ በሙሉ 100 ፓውንድ የአክሲዮን ገንዘብ ነው። በሕጉ ዶርማንት ማለት በሒሳብ መዝገብ ሊሰፍር የሚገባ ግብይት በዓመቱ ያላደረገ ኩባንያ ማለት ነው። ይኸው ድርጅት ደግሞ ለኮሚቴው ባቀረበው ማስታወቂያ በዚያው ዓመት የጠገናቸውን ጣሪያዎች ፎቶግራፍ ደርድሯል! እንግዲህ ወይ ለመዝገብ ቤቱ ዋሽቷል፣ ወይ ለእኛ ዋሽቷል፣ ወይም ሥራውን የሠራውና ገንዘቡን የተቀበለው ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ኩባንያ ነው። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ማጣራቱ አንድ ፔኒ የሚያስከፍል አልነበረም። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ አያስፈልግም፤ በውሉና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለውን ስም እንዲሁም የኩባንያ ቁጥር ከገጹ ጋር ማስተያየት ብቻ በቂ ነው።

መዝገብ ቤቱ ከማርች 2024 ጀምሮ የተጠራጠረውን ሰነድ የመጠየቅና የመመለስ ሥልጣን ማግኘቱን አልክድም። ቢሆንም ገጹ ፈጽሞ የማያሳየው ነገር አለ። አበዳሪ ኩባንያው ይፍረስልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ሲያቀርብ፣ ትእዛዙ እስኪሰጥ ድረስ የኩባንያው ገጽ Active እንዳለ ይቆያል። አቤቱታው የሚታወጀው ዘ ጋዜት ላይ ነው፣ ከችሎቱ ቢያንስ ሰባት የሥራ ቀናት አስቀድሞ። ትእዛዙ ሲሰጥ ደግሞ ማፍረሱ እንደተጀመረ የሚቆጠረው አቤቱታው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ስለሆነ፣ በመሐል ኩባንያው ቀብዳችሁን ቢመልስላችሁ እንኳ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ሒሳብ አጣሪው መልሶ ሊጠይቃችሁ ይችላል። «Active ይላል» ብሎ የሚኩራራ ኮሚቴ ዘ ጋዜትን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ያውቃል?

ባለፈው ሳምንት ለጣሪያው ሌላ ሠራተኛ መመረጡ ተነግሮናል። ለአባላት የተላከው ማጣሪያም በስልክ የተነሣ ምስል ነው፤ Active የሚለው ቃል በቀይ ተከብቧል፣ የኩባንያው ቁጥር ግን ከምስሉ ውጭ ቀርቷል።