ከላይ አንድ መስመር፣ ከታች አንድ መስመር

የአገሬን ባለአክሲዮን ሳላመሰግን ብሞት ይቆጨኛል። ሌላው ሰው መነጽሩን ጠርጎ፣ በእርሳስ እያሰመረ የሚያነበውን የትርፍና ኪሳራ መግለጫ እኛ በዐሥር ሴኮንድ እንጨርሰዋለን። ከላይ አንድ መስመር እናያለን፦ ገቢ። ከታች አንድ መስመር እናያለን፦ የተጣራ ትርፍ። መሃሉ የኦዲተር ነው። እሱስ ምን ይብላ?

በቀደም ትንሽ አክሲዮን ያለኝ አንድ የፓስታ ፋብሪካ (ስሙ ይቆየን) ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። የሆቴሉ አዳራሽ ጢም ብሏል። በር ላይ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ታደለን። ከፊት የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶ፣ ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ፣ ከዚያ የፓስታ ፎቶ። መግለጫው ገጽ 31 ላይ ነው፤ ማንም በድንገት እንዳያገኘው። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ መጽሔቱን ማራገቢያ አድርገውታል። ሙቀት ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ሰብሳቢው ማይክ ጨበጡ። «ገቢያችን ከ800 ሚሊዮን ወደ 1 ቢሊዮን ብር አድጓል!» ጭብጨባ። «የተጣራ ትርፋችን ደግሞ ከ35 ሚሊዮን ወደ 70 ሚሊዮን! እጥፍ!» አዳራሹ ቀለጠ። አምና ለአንዷ ባለ 1,000 ብር አክሲዮን 175 ብር ነበር የደረሳት፤ ዘንድሮ 350። ጋሼ በማራገቢያቸው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ አጨብጭብ እንጂ!»

አጨበጨብኩ። ግን በሽታ አለብኝ፤ መሃሉን አነባለሁ። እየተጨበጨበ ገጽ 31ን ገለጥኩ።

መጀመሪያ ገቢ። 1 ቢሊዮን፣ እውነት ነው። ብቻ ገጽ 12 ላይ በትንሽ ፊደል የተሸጠው ፓስታ ተጽፏል። አምና 10,000 ቶን፣ ዘንድሮ 9,500። አምና ኪሎው በአማካይ በ80 ብር ሄዷል፣ ዘንድሮ በ105 ገደማ። እንግዲህ ያደገው ፓስታው አይደለም፣ ዋጋው ነው። ይህን አውቆ ላለመጠየቅ ትልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወገኔ ደግሞ ትዕግሥቱን ታድሎታል።

ቀጥሎ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ይላል። ዱቄቱ፣ ማሸጊያው፣ የፋብሪካው መብራትና የማሽን ሠራተኛው ደመወዝ እዚህ ነው ያለው። አምና 640 ሚሊዮን፣ ዘንድሮ 850። ከገቢው ላይ ሲቀነስ ጥቅል ትርፍ የሚባለው ይቀራል። አምና 160፣ ዘንድሮ 150። ልብ በሉ፣ 200 ሚሊዮን ተጨማሪ ሸጠን ጥቅል ትርፋችን በ10 ሚሊዮን ቀነሰ። አምና ከ100 ብር ሽያጭ 20 ብር ይተርፈን ነበር፤ ዘንድሮ 15። ዱቄቱ ከፓስታው ቀድሞ ተወደደ ማለት ነው። ፋብሪካ መታመሙ መጀመሪያ የሚታየው እዚች መስመር ላይ ነው። የእኛ ሰው ግን የሰው ገበና አያይም። ጨዋ ነው፤ አልፏት ይሄዳል።

ወረድ ስል ሌላ ገቢ የምትል ትሑት መስመር አገኘሁ። አምና ሰረዝ ናት፤ ምንም የለም። ዘንድሮ 90 ሚሊዮን ብር! ከጎኗ ማስታወሻ 18 ይላል። ማስታወሻ 18 ገጽ 54 ላይ ነው። እኔም ተጓዝኩ።

«ከተሽከርካሪ ሽያጭ የተገኘ» ይላል። አሥራ አምስት አይሱዙ ተሽጧል። መኪኖቹ ከዓመታት በፊት ሲገዙ ዋጋቸው ባንድ ጊዜ ወጪ አልሆነም፤ ለ10 ዓመት ተከፋፍሎ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየተባለ ተቀነሰ። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ የመዝገብ ዋጋቸው ዜሮ ሆነ። ገበያው ግን መዝገብ አያነብም (በዚህ እንኳን ከእኛ ጋር ይመሳሰላል)። አሮጌ አይሱዙ እንደ ወርቅ ተወዷል። በአማካይ 6 ሚሊዮን ብር ተሸጡ። አሥራ አምስት በስድስት፣ 90። የመዝገብ ዋጋቸው ዜሮ ነውና 90ውም ትርፍ ተብሎ ገባ። የተሸጡት መቼ ነው? ሰኔ ላይ። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ነው የሚዘጋው። እንዴት ያለ መገጣጠም!

እንቀጥል። 150 ጥቅል ትርፍ፣ ላዩ ላይ 90 የመኪና። ከዚያ 40 የሽያጭና ስርጭት፣ 60 የአስተዳደር ወጪ ይቀነሳል። ከሥራ የተገኘ ትርፍ 140 ሚሊዮን፤ አምና 70 ነበር። አይሱዙ መሸጥ የፓስታ ፋብሪካ ሥራ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ቀጥሎ ወለድ፣ አምና 20፣ ዘንድሮ 40፤ ብድሩ ወፍሯል። ከግብር በፊት 100 ቀረ። 30 በመቶ ግብር ሲነሳ 70። (በእውነቱ ግብር ሰብሳቢው አንዳንዱን ወጪ አልቀበልም ስለሚል ሂሳቡ እንዲህ ልቅም ብሎ አይወጣም፤ እዚህ አጠጋግቼዋለሁ።)

ይኸው 70 ሚሊዮን! ሰብሳቢው አልዋሹም። አንዲት ቁጥር አልተነካችም፤ ኦዲተሩም ፈርሟል።

አሁን እንደኔ ያለ ምቀኛ ምን ያደርጋል? እስኪርቢቶ አውጥቶ መኪኖቹን ይቀንሳል። 140 ሲቀነስ 90፣ 50። ወለድ 40 ሲነሳ 10። ግብር 3 ሲወጣ 7 ሚሊዮን ብር። ፓስታው ያተረፈው ይህን ነው። አምና 35 ነበር። እጥፍ አድጓል የተባለው ትርፍ ወደ አንድ አምስተኛ ወርዷል። በአክሲዮን 350 ሳይሆን 35 ብር።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ ማስታወሻ 18 ላይ ያሉት መኪኖች... ከእንግዲህ ፓስታው በምን ይመላለሳል? በኪራይ ከሆነ የስርጭት ወጪው ለከርሞ...» አላስጨረሷትም። «ጊዜ የለም!» አለ አንዱ። «ምሳ ይቅረብ!» አለ ሌላው። ደግ አደረጉ። ጥብሱ እየቀዘቀዘ ስለ ማስታወሻ 18 የሚያወራ ሰው ምን ይባላል? ሰብሳቢውም ፈገግ ብለው «ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡልን» አሉ። አጀንዳው በጭብጨባ ጸደቀ። ትርፉ ሙሉ በሙሉ ለባለአክሲዮን ይከፋፈል ተባለ። ዱቄት መግዣ ለከርሞ ባንክ አለልን፤ ወለዷም ገና 40 ናት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኛ ባለአክሲዮን ሞኝ አለመሆኑን ያረጋገጥኩት ስንወጣ ነው፤ ወረቀቱን በሙሉ ወንበር ላይ ጥሎት ወጥቷል። አስተናጋጆቹ በክምር ሲሰበስቡት አየሁ። አንዱ ኮፒ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተም አርፏል፤ ገጽ 31 ግን ንጹሕ ነው።

ደረጃው ላይ ጋሼን አገኘኋቸው። ደስታቸውን ማበላሸቴ ነው፣ ግን አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ትርፉ እኮ ከመኪና ሽያጭ ነው» አልኳቸው።

ቆም አሉ። አሰቡ።

«ስንት መኪና ቀረን?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅሃል ልጄ?» አሉና ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «ለከርሞም አለን ማለት ነው።»