ክብደት ብቻውን የታካሚን ካሎሪ አይነግረንም

«ድሬዳዋ ላይ የታካሚን የኃይል ፍጆታ የሚለካው መሣሪያ፣ ካሎሪሜትር፣ የለንም። ታዲያ በመተንፈሻ ማሽን፣ በቬንቲሌተር፣ ላይ ላለ ታካሚ ኪሎውን በ25 አባዝተን የቀን ካሎሪውን ብንሰጠው ምን ችግር አለው?» ጠያቂው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ነርስ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከኪሎው ነው። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ሚዛን ላይ አይቆምም። አልጋው ሚዛን ከሌለው ክብደቱ በዓይን ግምት ይጻፋል፣ ወይም ቤተሰብ ያስታውሳል ተብሎ ይጠየቃል። ግምቱ በ10 ኪሎ ቢስት የቀኑ ምግብ በ250 ኪሎካሎሪ ይዛባል። በጉሉኮስ የተነፋውን ሰውነት ከመዘንነው ደግሞ ውኃውንም እንመግባለን ማለት ነው።

እስቲ አንድ ታካሚ እንውሰድ። ዕድሜው 35፣ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ፣ በከባድ የሳንባ ምች ምክንያት ቬንቲሌተር ላይ ከዋለ አራተኛ ቀኑ ነው እንበል። በ24 ሰዓት ውስጥ የታየው ከፍተኛ ሙቀት 38.6 ዲግሪ ነው። በማሽኑ ስክሪን ላይ በደቂቃ የሚተነፍሰው አየር 11 ሊትር ይላል። በ25 ስናባዛ 1,500 ኪሎካሎሪ እናገኛለን። ሰውነት በዕረፍት ላይ የሚያወጣውን ኃይል የሚገምተውን፣ በ1919 የታተመውን የሃሪስና ቤኔዲክት ቀመር ወስደን ለሕመሙ ክብደት ብለን በ1.5 ብናባዛው ደግሞ 2,260 ገደማ ይመጣል። ያው አንድ ሰው ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ግን ከአንድ ሙሉ ምግብ በላይ ልዩነት አለ።

ካሎሪሜትር ቢኖር ከቬንቲሌተሩ ጋር ተገጥሞ ታካሚው የተጠቀመበትን ኦክስጅንና ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካ ነበር። ኦክስጅኑ በደቂቃ 260፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 215 ሚሊ ሊትር ቢሆን ከእነዚህ ጋዞች ኃይልን በሚያሰላው በዊር ቀመር በቀን 1,820 ኪሎካሎሪ ይሆናል። በ25 ያባዛው ሰው በ320 አሳንሷል፣ በ1.5 ያባዛው ደግሞ በ440 አስበልጧል። መለኪያው ራሱ ግን ሁሌም አይታመንም። ታካሚው ከ60 በመቶ በላይ ኦክስጅን የሚፈልግ ከሆነ፣ ቱቦው አካባቢ አየር የሚያመልጥ ከሆነ ወይም ደረቱ ላይ በገባ ቱቦ አየር የሚወጣ ከሆነ ቁጥሩ ይሳሳታል።

መለኪያው በሌለበት እኔ የምሟገትለት በቬንቲሌተር ላይ ላሉ ታካሚዎች የተሠራው የፔን ስቴት ቀመር ነው። መጀመሪያ የዕረፍት ኃይልን በሚገምተው በሚፍሊን ቀመር ክብደት በ10፣ ቁመት በ6.25 ተባዝተው ይደመራሉ፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ለወንድ 5 ይጨመራል (ለሴት 161 ይቀነሳል)። ለዚህ ሰው 1,492 ይመጣል። ከዚያ፦

(ሚፍሊን × 0.96) + (ከፍተኛ ሙቀት × 167) + (በደቂቃ የሚተነፈስ አየር × 31) − 6,212

ውጤቱ 2,008 ነው። ከተለካው በ190 ገደማ ቢበልጥም ከሌሎቹ ይቀርባል። ይህ ቀመር በጥናት ሲፈተሽ ከሦስት ታካሚዎች በሁለቱ ገደማ ከልኬቱ በ10 በመቶ ውስጥ ይውላል። ሦስተኛው ታካሚ ግን አለ፣ እሱን ቀመር አያገኘውም።

ለእኛ ሁኔታ የሚስማማው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ኪሎውን በስህተት 70 ብለን ብንጽፍ ውጤቱ የሚጨምረው በ96 ብቻ ነው። ቁጥሩንም የሚያንቀሳቅሰው ሕመሙ ራሱ ነው። ይሄው ሰው በሰባተኛው ቀን ሙቀቱ ወደ 37.2፣ ትንፋሹ ወደ 8 ሊትር ቢወርድ ቀመሩ 1,681 ይላል። በ25 የተሠራው ግን አሁንም 1,500 ላይ ቆሟል።

በዚህ ምክንያት የሙቀት ሠንጠረዡ የምግብ ሰነድም ነው። አንድ ዲግሪ 167 ኪሎካሎሪ ያመጣል። ድሬዳዋ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲግል «ከአየሩ ነው» ተብሎ የታለፈ 38.5 ወይም ሌሊት ያልተመዘገበ ትኩሳት ካለ ሒሳቡ ያንሳል። የትንፋሹም ቁጥር እንዲሁ መታየት አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለማውረድ ሆን ብለን ማሽኑን ከፍ አድርገን ከሆነ፣ 11 ሊትሩ የእኛ ቅንብር እንጂ የሰውነቱ ፍላጎት አይደለም።

አሁንም 2,008ን በመጀመሪያው ቀን እንድናፈስለት አልጠይቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ከራሱ ክምችት ኃይል ማውጣቱን አያቆምም፤ ካሎሪሜትርም ቢሆን የተቃጠለውን እንጂ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከውስጥ እንደመጣ አያሳይም። ለዚህ ነው የአውሮፓ ክሊኒካል አመጋገብ ማኅበር የ2019 መመሪያ በቀመር ስንሠራ በመጀመሪያው ሳምንት ከ70 በመቶ በታች መስጠትን የሚመርጠው። ለዚህ ሰው ያ ከ1,400 በታች ማለት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 100 ኪሎካሎሪ የሚሰጥ ወተት ካለን በቀን ከ1.4 ሊትር አይበልጥም። ከሳምንት በኋላ አዲሱን ሙቀትና አዲሱን ትንፋሽ ይዘን እንደገና አስልተን፣ ሙሉውን እንስጠው።