ቶነሩ ግዥ ይፈጸምለት

ማክሰኞ ጠዋት የቢሯችን ማተሚያ ቶነር ጨረሰ። አለቃችን አማርኛ ስለማያነብ ኢሜይሉን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ «ቶነር ባይ እናድርግ፣ ከዚያ ሪፖርቱን ማተም ቢጊን እናደርጋለን» የሚል ሁለት መስመር ነው። ከመላኩ በፊት አጠገቤ ለሚቀመጠው ባልደረባዬ አሳየሁት። «ባይ» ተሰርዞ «ፐርቼዝ»፣ «ቢጊን» ተሰርዞ «ኮሜንስ» ሆኖ ተመለሰልኝ፤ ትርጉሙ ያው መግዛትና መጀመር ነው። «ባይ እኮ የሱቅ ቋንቋ ነው» አለኝ።

ቶነር ታዲያ ከየት ይመጣል? ከሱቅ አይደል?

ነገሩ የቆየ ነው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛ የጌቶች ቋንቋ ሆነ። «ባይ» እና «ቢጊን» የአገሬው ሰው ቃላት ናቸው፤ «ፐርቼዝ» እና «ኮሜንስ» ከጌቶቹ ጋር መጡ። «ፐርቼዝ» በድሮ ፈረንሳይኛ ሥሩ አሳዶ መያዝ ነበር። ይሄኛው እንኳን ለእኛ ቢሮ ልክ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ ከፒያሳ መርካቶ የተንከራተተ ያውቀዋል።

«ኮሜንስ»ም ቦታ አለው። ውል ላይ «ሥራው ሰኞ ይጀመራል» ሲባል ያምርበታል፤ መዘግየት ቅጣት ያመጣላ። «ኮሜንስ ቱ ፕሪንት» ሲባል ግን ለእንግሊዝ ጆሮም ይጎረብጣል፤ «ቢጊን ቱ ፕሪንት» ግን ችግር የለበትም። ሴት አያቴ «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ትል ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ግን ከባልደረባዬ በተሻለ ገብቷታል።

ለነገሩ እኛስ ማን ሆነን ነው? «ገዛ» ማለት ሲቻል «ግዥ ፈጸመ»። «ከፈለ» ማለት ሲቻል «ክፍያ ፈጸመ»። «ተወያዩ» ማለት ሲቻል «ውይይት አደረጉ»። እኔ «ተፈጸመ» ሲባል የስቅለት ዕለት ነው የሚታወሰኝ። አንድ ቶነር ለዚህ ይበቃል? ደግሞ «ግዥው ተፈጽሟል» ሲባል ማን እንደገዛው ይጠፋል። ዋጋው ተወደደ ብለህ የምትጠይቀው ሰው የለም። ይሄ እንኳን በድንገት የመጣ አይመስለኝም።

የቆየ ቂምም አለብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት «መታወቂያዬ ጠፍቶብኛል፣ ሌላ ስጡኝ» ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዛ መለሰችልኝ። «ይሄ ማመልከቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊ ተቀብለው «ምትክ እንዲሰጠኝ ስል በትህትና አመለክታለሁ» ብለው አስተካከሉልኝ። ሃምሳ ብር! ሃምሳ ብር የከፈልኩት «በትህትና» ለምትል ቃል ነው። ትህትናው ደግሞ ከእኔ ብቻ ነበር የሚጠበቀው፣ ከእሷ ማንም አልጠየቀም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ቶነሩ።

ኢሜይሉ «ኮሜንስ»ን እንደያዘ ሄደ፤ መከራከር ደከመኝ። ዓርብ ከሰዓት ባልደረባዬ ግዥ ክፍል ስልክ ደወለ። «ሄሎ! ያቺን ቶነር ገዛሃት ወይስ አልገዛሃትም?»