«ፈራ» ያለበት ሁሉ «ሰጋ» አይገባም

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ፈራና ሰጋ ተመሳሳይ ናቸው ይላል። ታዲያ ለምን ኤክስ ተደረገብኝ?»

ጠያቂዋ እዚህ ደብረ ብርሃን የጎረቤቴ ልጅ ናት። የተሰጣት ዓረፍተ ነገር «አባቴ ውርጩን ፈራ» ይላል። ግሱን በተመሳሳዩ ተኪ ተባለችና «አባቴ ውርጩን ሰጋ» ብላ ጻፈች።

ውርጭን የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካመሸ፣ ገብሱም ገና ካልደረሰ፣ ገበሬ እንቅልፍ የለውም። በዚያ ሌሊት ጉዳት የሚያደርስ ውርጭ አለ፤ ጉዳት የሚደርስበት ገብስም አለ። «ፈራ» «ን»ን ይዞ ወደ ውርጩ ይሄዳል። «ሰጋ» ደግሞ «ለ»ን ይዞ ወደ ገብሱ ይዞራል፦ «አባቴ ለገብሱ ሰጋ»።

ይህን ስነግራት «እሺ፣ ለውርጩ ሰጋ ልበል?» አለች። እንደዚያ ከተባለ አባቷ የተጨነቀው ውርጩ እንዳይጎዳ ነው። ስለዚህ «ን»ን በ«ለ» መለወጥ ብቻ አያድናትም። ውርጩ የግድ ይቆይ ከተባለ መነካት ያለበት ግሱ ነው፦ «ውርጩ አባቴን አሰጋው»። አሁን ውርጩ ባለቤት ሆነ፣ አባትየው ተሳቢ።

እኔ ስጠራጠር የግሱን ጭራ አያለሁ። «ውርጩን ፈራው» ይባላል፤ «ውርጩን ሰጋው» ግን ጆሮ ይጎረብጣል። «ለገብሱ ሰጋለት» ሲባል ቀጥ ይላል። «አመነ» እና «ተማመነ»ም እንዲሁ ናቸው፦ «ጓደኛዬን አመንኩት»፣ «በጓደኛዬ ተማመንኩበት»። ይህ መፈተኛ «ከ» ላይ አይሠራም፤ ግሱ ላይ የራሱ ጭራ የለውማ። «መጠጣት ተወ» ያለ ሰው «ተቆጠበ»ን ከፈለገ «ከመጠጣት ተቆጠበ» ማለት አለበት። እዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው የሚያዋጣው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። «ለገብሱ ሰጋ» የሚለውን «ለገብሱ ፈራ» ብትሉት ያስኬዳል፤ «ልጄ፣ ፈራሁልሽ» የምትል እናት ሞልታለች። «ፈራ» የ«ሰጋ»ን ቦታ ይሸፍናል፣ «ሰጋ» ግን የ«ፈራ»ን ሁሉ አይሸፍንም። ተመሳሳይነታቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሄደው።

ለዚህ ነው ሁለት ቃል ጎን ለጎን ደርድሮ «ተመሳሳይ ፍቺ» የሚል ርዕስ መስጠት የሚያናድደኝ። ልጅቷ የተሰጣትን አምና ነው የተሳሳተችው። ኤክሱ ከእሷ ይልቅ ለዝርዝሩ ነበር የሚገባው። «ፈራ» ብሎ ከመተው «አንድን ነገር ፈራ»፣ «ሰጋ» ብሎ ከመተው «ለአንድ ነገር ሰጋ» ብሎ መጻፍ የሚጨምረው ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ነው። እሷም ደብተሯ ላይ አሁን እንደዚያ አድርጋ ጽፋዋለች፣ ከጎኑም «አባቴ ለገብሱ ሰጋ»።